ሲንጀር የምትባለው መኪና፦ የአንዲት የስፌት መኪና ዓይነት ከፎቶ የተለየበት ጉዳይ

ከሐይቅ ከተማ የመጣው ጥያቄ አጭር ነበር። «ጋሼ፣ የእናቴ መኪና ሞዴሏ ምንድን ነው? ቦቢን ገዝቼላት አልገባ አለ» ይላል። ከጽሑፉ ጋር ሦስት ፎቶዎች ተያይዘዋል። አንዱ መኪናዋን ከፊት ለፊት ያሳያል፣ ሁለተኛው በስተቀኝ ምሰሶዋ ላይ ያለውን የስፌት ርዝመት መቆጣጠሪያ፣ ሦስተኛው ደግሞ ወደ ኋላ ገልብጠው ከሆዷ ያነሱት ነው። መኪናዋ ጥቁር ናት፣ በእግር ትረገጣለች፣ ክንዷ ላይም በወርቃማ ቀለም «ሲንጀር» ተብሎ ተጽፎባታል።

እናትየው በዚህች መኪና የተማሪ ዩኒፎርምና የሰርግ ቀሚስ እየሰፉ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ የታችኛው ክር እየተጠማዘዘ ከጨርቁ ሥር ይከመርባቸው ጀመር። ይህ ክር የሚጠቀለልባቸው አሮጌዎቹ ቦቢኖች ዝገው ስለነበር ልጁ ደሴ ወጥቶ «ለጥቁሯ ሲንጀር፣ ለእግር መኪናዋ» ብሎ ገዛ። ሻጩም የጠየቀውን ሰጠው፤ በዚያ ስም የሚታወቀውን የሲንጀር 66 ቦቢን። ግራና ቀኙ ትንሽ እብጥ ያለ ነው። አሮጌው ግን ሁለቱም ጎኑ እንደ ሳንቲም ልሙጥ ነበር። አዲሱ በግድ ቤቱ ውስጥ ሲገባ አንዴ ይነቀንቃል፣ አንዴ ይቆልፋል፤ ክሩም ከበፊቱ የባሰ ይከመራል።

የመኪናን ስም ከጽሑፏ ማንበብ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ ግን በእኛ አካባቢ አሮጌ የእግር መኪናዎች ላይ ጽሑፉ ከማስረጃ ሁሉ ደካማው ነው። አንድ መኪና በሃምሳና በስልሳ ዓመት ዕድሜዋ ደጋግማ ትቀባለች፣ ባለሙያ እጅ ስትገባም የምትሸጥበት ስም ይለጠፍባታል። ሰውም ጥቁር የእግር መኪና ሁሉ ሲንጀር ይለዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ፎቶ ላይ ጽሑፉን ትቼ ብረቱን አየሁ። ብረቱን ለማየት ግን ፎቶዎቹ አልበቁም። የፊት ለፊቱ ፎቶ ከቅርብ የተነሳ ስለሆነ ክንዷ ወፍሮ፣ ምሰሶዋ ቀጥኖ ይታያል፤ ስልክ ከአንድ ክንድ ርቀት የመኪና ቅርጽ ያዛባል።

«አብሽር፣ ይታወቃል» ብዬ እንደገና እንዲያነሳ ጠየቅሁት። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቆሞ በስልኩ እንዲያቀርብ፣ ካሜራውንም ከመኪናዋ ወለል ጋር እኩል እንዲያደርግ ነገርኩት። በወለሏ ፊት ጠርዝ ላይ ደግሞ የተማሪ ማስመሪያ እንዲያስቀምጥ። ማስመሪያው ከጠርዙ ጋር የተጠጋ መሆን አለበት፤ ወደ ፊት ወጣ ካለ መኪናዋን ከእውነተኛ መጠኗ አሳንሶ ያሳያል። ከዚያ ሌላ የማላገኘውን አንድ ፎቶ ፈለግሁ፤ የግራ ጫፏን፣ መርፌው ካለበት ጎን በቀጥታ።

ማስመሪያው የሰጠን መልስ ፈጣን ነበር። ወለሏ 37 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ 18 ያህል ይሰፋል። ይህ የሙሉ መጠን መኪና ልክ ነው። እንደ ሲንጀር 99 እና 128 ያሉት ትናንሾቹ ወለላቸው 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ወዲያው ወጡ። ከዚህ በላይ ግን መጠኗ የሚነግረን የለም፤ ሲንጀር 15፣ ሲንጀር 66፣ የጃፓኑም የቻይናውም ቅጂ ሁሉም በዚሁ ልክ የተሠሩ ናቸው። የአንዱ ራስ ከሌላው ጠረጴዛ ላይ የሚገጥመውም ለዚህ ነው። ከእግሩ ብረት ላይ ያለ ስምም ቢሆን ስለ ራሷ ምንም አያረጋግጥም፤ እግርና ራስ ከተለያየ መኪና መጥተው አብረው ሲኖሩ አይቻለሁ።

ዋናው መለያ የመጣው ከግራ ጫፏ ፎቶ ነው። የላይኛው ክር የሚጠብቅበትና የሚላላበት ባለ ቁጥር ክብ የት እንዳለ ይታያል። በሲንጀር 66 ላይ ይህ ክብ ወደ ሰፊዋ ፊት የዞረ ነው፤ ስትቀመጥ ፊት ለፊት ታየዋለች። በ15 ቤተሰብ ግን በግራ ጫፍ ባለው ሳህን ላይ ነው፣ ወደ ግራ ይመለከታል፤ ለማንበብ አንገት ማዘንበል ይጠይቃል። በዚህች መኪና ላይ ክቡ ወደ ግራ ነው የሚያየው። የታችኛው ክር ቤትም እንዲሁ በግራ በኩል በቁሙ የሚገባ ነው፤ ተንሸራታቹ ክዳን ሲሳብ ከግራ እጅ ተሰዶ ይወጣል። በ66 ላይ ቢሆን ቦቢኑ ከመርፌው አጠገብ ካለው ክዳን ሥር ተጋድሞ ከላይ ይታይ ነበር።

እዚህ ላይ የቦቢኑ ጉዳይ ተፈቷል ማለት ይቻላል። ለ15 ቤተሰብ የሚሆነው ቦቢን ጎኖቹ ልሙጥ፣ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 20 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ቁመቱም ወደ 11 ተኩል የሚጠጋ ነው። የ66ቱ እብጥ ያለ ጎን ቁም ቤት ውስጥ ተስተካክሎ አይቀመጥም። የክሩ መከመር የባሰበት ምክንያት ይኸው ነው። ለእናትየው የሚያስፈልጋቸው መልስ በዚህ ደረጃ ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ልጁ የክር ማጥበቂያውንም ሞላ ሊቀይር ስለፈለገ «ኦሪጅናል ሲንጀር ናት ወይስ አይደለችም?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ገንዘብ ያስወጣል፤ የሲንጀር ተብሎ የሚሸጥ መለዋወጫ ከሌላው ይወደዳል፣ ካልገጠመ ደግሞ ተመልሶ የሚቀበል ነጋዴ ብዙ የለም። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ፎቶ ተመለስን።

በምሰሶዋ ላይ የስፌት ርዝመት መቆጣጠሪያው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ እጀታ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ወደ ፊት ይሰፋል፣ ወደ ላይ ሲገፋ ወደ ኋላ ይመልሳል። የቆዩት የ15 መኪናዎች እጀታ አልነበራቸውም፣ በስንጥቅ ውስጥ የሚሄድ ብሎን ብቻ ነበራቸው፣ ወደ ኋላም አይሰፉም። ስለዚህ ይህች ከኋለኛው ትውልድ ናት። በሲንጀር በኩል እጀታ ካላቸው ጥቁሮች የታወቁት 15-88፣ 15-89፣ 15-90 እና 15-91 ናቸው። ራሳቸው አንድ ዓይነት ነው፣ የሚለዩት በሚነዳቸው ነገር ነው። 88 በእግር፣ 89 በእጅ፣ 90 በቺንጋ በሚሄድ ሞተር፣ 91 ደግሞ ከምሰሶዋ ጀርባ በተተከለ ሞተርና በጥርስ ትሽከረከራለች። ይህች በእግር ስለሆነች ከእነዚህ ውስጥ የምትመስለው 15-88ን ነው።

ግን ከእጀታው ጎን ያለው ቁጥር ከ0 እስከ 4 ነው። የሲንጀሮቹ ሰሌዳ በአብዛኛው በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ስፌት እንዳለ ይቆጥራል፤ 6፣ 8፣ 10 እያለ እስከ 30 ይሄዳል። ትልቁ ቁጥር ትንሹን ስፌት ያመለክታል ማለት ነው። ከ0 እስከ 4 ያለው ግን ርዝመቱን በሚሊ ሜትር የሚቆጥር ነው፣ እዚያ ትልቁ ቁጥር ረጅሙ ስፌት ነው። በዚህ ብቻ አልፈርድም፤ ሰሌዳው በሁለት ብሎን የተያዘ ስለሆነ ከሌላ መኪና ተወስዶ ሊገጠም ይችላል። ጥርጣሬ ግን አስገባ።

ጥርጣሬውን ያጠናከረው ልጁ ሳያስበው ያነሳው ነገር ነው። በአዲሱ የፊት ፎቶ ላይ፣ በወለሏ ቀኝ በኩል ከምሰሶው ሥር ትንሽ የምትዞር እንቡጥ ትታያለች። ከቀለም በታች ሆና ብዙም አትለይም፤ ፎቶውን ሳተልቀው ዙሪያዋ የተነቀሰ የጣት መያዣ እንዳላት አየሁ። «ይህቺን ስታዞሯት ጥርሱ ይወርዳል?» ብዬ ጠየቅሁት። እናቱን ጠይቆ መለሰ፤ «አዎ፣ ለጥልፍ ጊዜ ያዞሯታል ብላለች።» ጨርቁን የሚስበው ጥርስ ከወለሉ ላይ በእንቡጥ የሚወርድባት መኪና ናት ማለት ነው። በሲንጀር 15-88 እና 15-91 ላይ ጥርሱን ለማውረድ መኪናዋን ወደ ኋላ ገልብጦ ከሆዷ ያለውን በጣት የሚዞር ብሎን ማላላት ያስፈልጋል። በወለል ላይ ያለ እንቡጥ የጃፓን ቅጂዎች ላይ በብዛት የሚገኝ ምልክት ነው፤ አንዳንዶቹ ላይ ለተራ ጨርቅ፣ ለሐርና ለጥልፍ ተብሎ ሦስት ቦታ አለው። የጥልፍ ባለሙያ ሴቶች ይህን እንቡጥ የሚያውቁት በእጃቸው ነው እንጂ በስሙ አይደለም፤ ስለዚህ ባለቤቷን መጠየቅ ከፎቶ አንድ ደረጃ ይቀድማል።

ጃፓኖች ለምን 15ን መረጡ የሚለውን በአጭሩ ማንሳት ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን አምራቾች የሲንጀር 15ን ዓይነት ኤችኤ-1 በሚል መለኪያ አንድ ወጥ አደረጉት። አንዱ ፋብሪካ አካሉን ያቀልጣል፣ ሌላው ዘንጉን ይሠራል፣ ሦስተኛው ይገጣጥማል፤ ልኩ አንድ ስለሆነ ሁሉም ይገጥማል። የተገጠመውም መኪና አስመጪው በፈለገው ስም ተለጥፎበት ይወጣል። በዚህ ምክንያት ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ «ሞዴል» የሚባል ነገር የላቸውም። አርማው የአስመጪው ነው፣ አካሉ የአቅላጩ፣ ውስጡ የገጣጣሚው።

ስለዚህ የሚቀረው የሆድ ዕቃዋ ነበር። የመጀመሪያው የሆድ ፎቶ ጥቁር ዘይትና የጨርቅ ብናኝ ብቻ ነው የሚያሳየው። ልጁን ቺንጋውን ከመዘውሩ አውጥቶ መኪናዋን በማጠፊያዎቿ ወደ ኋላ እንዲያስተኛ፣ ሆዷን በነጭ ጋዝ በራሰ የጥርስ ብሩሽ እንዲፈትግ ነገርኩት። ብሎን እንዳይፈታ አደራ አልኩት። ሲደርቅ ካቻቢቴ ሳይሆን ጠመኔ እንዲያነሳ ነገርኩት፤ በብረቱ ላይ ጠመኔውን አጋድሞ ሲያሸው ወጣ ያሉ ፊደላት ነጭ ሆነው ይታያሉ። የስልኩን መብራት ደግሞ ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ ከብረቱ ጋር አጋድሞ እንዲያበራ። መብራት ከፊት ሲመጣ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ከጎን ሲመጣ ግን ትንሹም ከፍታ ጥላ ይጥላል።

የመጣው ፎቶ በሁለት ነገር ረድቶናል። የመጀመሪያው አሠራሯ ነው። ከምሰሶው ቀኝ በኩል ከላይ የሚወርድ ዘንግ በሹካ የሚመስል ክንድ ላይ ይጨርሳል፣ ያ ክንድ የላይኛውን ክር ከሥር ወደሚይዘው መንጠቆ የሚሄደውን ዘንግ ያወዛውዛል። ጥርስ ያለው ማርሽ የለም። መዘውሩን ሲያዞሩ መንጠቆው ሙሉ ዙር እየሄደ መሆኑን ወይም ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ መሆኑን ለማወቅ መርፌው ላይና ታች ባለበት ሁለት ፎቶ አነሳን፤ በአንዱ መንጠቆው ወደ አንድ ወገን ሄዷል፣ በሌላው ተመልሷል። ሙሉ ዙር የሚሄድ መንጠቆ ያላት እንደ ሲንጀር 201 ያለች መኪና በሆዷ ማርሽ ይታይባት ነበር። ይህች የምትመላለስ ናት፣ ማለትም ከ15 ቤተሰብ መሆኗ በግራ ጫፉም በሆዱም ተረጋገጠ።

ሁለተኛው በጠመኔ የታየው ነው። ከአካሉ ጋር አብሮ የቀለጠ ጄ-ሲ የሚል የላቲን ፊደልና ቁጥር፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ጄ-ኤ የሚል ከቁጥሩ ጋር። ልጁ ይህን ሲያይ ተደሰተ። ደሴ ገበያ ላይ የቻይናዎቹ የቢራቢሮ መኪናዎች ጄኤ2-1 ተብለው እንደሚሸጡ ያውቃል፤ «ቻይና ናት፣ ጄኤ ይላል» አለ። ይህ ስህተት በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ስለሆነ ቀስ ብለን ተነጋገርንበት። በቻይናው መኪና ላይ ጄኤ2-1 የሞዴሉ ስም ነው። በጃፓኖቹ ላይ ግን ጄ-ሲ አካሉን ያቀለጠውን ድርጅት፣ ጄ-ኤ የገጣጠመውን ድርጅት የሚያመለክት ምዝገባ ነው፤ ቁጥሩ የድርጅቱ መለያ እንጂ ሞዴል አይደለም። ለመለየት የሚረዳው የጽሑፉ ዓይነት ነው። ሁለቱ ጽሑፎች አብረው በሆድ ተገኝተው አንዱ ጄ-ሲ ከሆነ ጃፓን ነው። ቻይናው ጄ-ሲ የሚል ጓደኛ የለውም።

አሁን ክንዷ ላይ ያለው «ሲንጀር» እንዴት መጣ የሚለው ቀረ። ልጁ ምሰሶዋን በጎን መብራት አንስቶ ሲልክ ከቀለሙ በታች የተደፈኑ ሁለት ትናንሽ ጉድጓዶች ጥላቸው ታየ፣ በመካከላቸውም እንቁላል ቅርጽ ያለው የሳህን አሻራ አለ። አርማው ተነቅሎ ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ከዚያ መላ አካሏ ተቀብቷል፤ ቀለሙ በብሎኖቹ መክፈቻ ውስጥ ገብቶ ተጋግሯል፤ ፋብሪካ ከመግጠሙ በፊት ስለሚቀባ እንዲህ አይሆንም። ወርቃማው ጽሑፍ ከዚያ በኋላ የተለጠፈ ነው። የሲንጀር ራስ ተከታታይ ቁጥሩን ብዙውን ጊዜ በወለሉ ቀኝ የፊት ጥግ ላይ፣ ከፍ ብሎ በተሠራ ስፍራ ላይ ተመትቶ ይይዛል። የእሷ ወለል በዚያ ጥግ ልሙጥ ነው፣ ምንም ከፍታ የለውም፤ ቀለም ፊደል ሊደፍን ይችላል፣ ከፍታውን ግን አያጠፋም።

የጻፍኩለት መልስ ይህ ነበር። መኪናዋ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራች፣ የሲንጀር 15 ዓይነት የጃፓን ቅጂ ናት፤ በፈረንጆቹ ከ1950ዎቹ ወይም ከእሱ ወዲህ ብትሆን አይገርምም፣ ዓመቷን ግን ከፎቶ አልናገርም። የአርማ ስሟ ጠፍቷል፣ አያስፈልግምም። መርፌዋ የቤት መኪና መርፌ ነው፣ 15×1 ወይም 130/705 ተብሎ የሚሸጠው፤ አናቱ በአንድ ወገን ልሙጥ ነው፣ ልሙጡ ወደ ግራ ይሆናል፣ ክሩም ከቀኝ ወደ ግራ ይገባል። ክብ አናት ያለው የፋብሪካ መኪና መርፌ በገበያው ስለሚገኝ ቢሰጡትም እንዳይቀበል ጨመርኩ። ቦቢኑ የ15 ልሙጥ ጎን ያለው። የቦቢኑ ቤት የ15፣ ነገር ግን ከመግዛቱ በፊት የአሮጌውን ፎቶ ለሻጩ እንዲያሳይ። ቤቱ ላይ ያለችው ትንሽ ጣት በአንዱ ዓይነት ወደ ግራ፣ በሌላው ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፤ በመኪናዋ መቀበያ ላይ ያለው ስንጥቅ ከጣቱ ጋር ካልተገናኘ ቤቱ ይሽከረከራል፣ ክርም ይበጠሳል። የሁለቱን ፎቶ አንድ ላይ ማስቀመጥ ከሞዴል ቁጥር ይልቅ አስተማማኝ ነው።

የክር ማጥበቂያውን ሞላ በተመለከተ ግን ተቆጥቤያለሁ። የ15 ዓይነት ስለሆነ ብቻ ሁሉም ሞላ አይገጥምም፤ የአንዳንዱ የጃፓን ገጣጣሚ ማጥበቂያ ዘንግ ውፍረቱና ጥርሱ ከሲንጀሩ ትንሽ ይለያል፣ ይህን ደግሞ ፎቶ አያሳይም። ማጥበቂያውን ፈትቶ ይዞ ይምጣ አልኩት፤ ሲፈታው ግን የእያንዳንዱን ክፍል ቅደም ተከተል በፎቶ ይዞ፣ ክፍሎቹንም በነጭ ጨርቅ ላይ በተራ እየደረደረ።

ልጁ ልሙጥ ጎን ያላቸውን ቦቢኖችና ከነአሮጌው ፎቶ የመረጠውን ቤት ገዝቶ ተመለሰ። ክሩ መከመሩን አቆመ። እናትየው የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረጉት በአሮጌ የስኳር ጆንያ ላይ ነበር፤ የላይኛውና የታችኛው ክር በጨርቁ መካከል እንደሚያያዝ የተነሳው ፎቶ ግልጽ ያሳያል። ነገር ግን በቀጭኑ ጨርቅ ላይ ስፌት አልፎ አልፎ ይዘላል። ይህን ደግሞ ከፎቶ መፍታት አልተቻለም። መንጠቆው ጫፉ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፣ የመርፌው ዘንግም ወደ ላይ ተሰዶ ይሆናል፤ ሁለቱም ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት ጉዳይ ስለሆኑ በጣት እየነኩ መዘውሩን ቀስ ብሎ ማዞር ይጠይቃሉ። ራሷን ከጠረጴዛው አውጥተው፣ ማጥበቂያውንም ይዘው በሰኞ ወደ ደሴ እንዲመጡ ተስማምተናል።